እሳት ሲነሳ የሚነበብ ወረቀት፦ በአራት ቋንቋ ስንጽፍ የትኛውን አቀራረብ እንምረጥ?

ባለፈው ዓመት ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ያለ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ለሥልጠና ሄጄ ነበር። ሥራዬ የሥራ ቦታ ደህንነት ማሠልጠን ነው። የስፌት አዳራሹ ፎቅ ላይ ነው። ከመውጫው በር አጠገብ፣ ላሚኔት ተደርጎ፣ እንዲህ የሚል ተለጥፏል፦

«ድንገተኛ የእሳት አደጋ በሚከሰትበት ወቅት ሠራተኞች ሳይደናገጡ ለዚሁ ዓላማ በተዘጋጁት የአደጋ ጊዜ መውጫ በሮች በኩል ሥርዓት ባለው መንገድ በመውጣት በመሰብሰቢያ ሥፍራ እንዲገኙ በጥብቅ እናሳስባለን። አስተዳደሩ።»

አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ተረጋግቼ፣ ሻይ በእጄ ይዤ ሳነበው እንኳ «ታዲያ ምን ላድርግ?» የሚለውን ፈልጌ ነው ያገኘሁት። «በመውጣት» የሚለው ቃል መሃል ላይ ተቀብሯል። የመሰብሰቢያ ሥፍራው የት እንደሆነ አይናገርም። ማን ደወል እንደሚደውልም የለም።

ይህ እንግዲህ አማርኛ ለሚያነብ ሰው ነው። አዳራሹ ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ወላይትኛ የሚናገሩ ኦፕሬተሮች አሉ። ማሽኖቹን የሚጠግኑት ደግሞ ቻይናውያን ናቸው። አራት ቋንቋ፣ ሦስት ዓይነት ፊደል፦ የኛው ፊደል፣ ኦሮምኛና ወላይትኛ የሚጻፉበት ላቲን፣ እና የቻይና ጽሕፈት። የፋብሪካው ሴፍቲ ኦፊሰር ጠርታኝ «ይህንን በአራት ቋንቋ ልናስተረጉመው ነው» አለችኝ። እኔም «እባክሽ ይህንን ብቻ አታስተርጉሚ» አልኳት። ከዚያ ቁጭ ብለን አማራጮቹን አንድ በአንድ አየናቸው።

አንድ ትልቅ ወረቀት፣ ቋንቋዎቹ ከላይ ወደ ታች

ብዙ ቦታ የምታዩት ይህን ነው። ላይ አማርኛ፣ ቀጥሎ ኦሮምኛ፣ ከዚያ ሌላው። የሚወደድበት ምክንያት ይገባኛል። አንድ ጊዜ ይታተማል፤ ማንም «የኔ ቋንቋ የለም» አይልም። ለሁለት ቋንቋ ከሆነ እኔም አልቃወምም። ትንሽ ምግብ ቤት ወይም ጋራዥ ካላችሁና አማርኛና ኦሮምኛ ከበቃችሁ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ጨርሱ።

አራት ሲሆን ግን ይበላሻል። ስድስት መስመር በአራት ቋንቋ ሃያ አራት መስመር ነው። በኤ3 ወረቀት ላይ ይህን ለማስገባት ፊደሉ ይጠባል። የኛ ፊደል ደግሞ ሲጠብ ቶሎ ይጎዳል፤ «ውጡ»ን ከ«ውጣ» የሚለየው አንዲት ትንሽ ምልክት ናት። ላቲኑም በበኩሉ ቦታ ይበላል። ኦሮምኛ ረጅሙን አናባቢና የሚጠብቀውን ድምፅ ፊደል ደጋግሞ ስለሚጽፍ፣ በአማርኛ ሁለት ፊደል የሆነው ትእዛዝ እዚያ እጥፍ ቦታ ሊፈልግ ይችላል። ዲዛይን የሚሠራው ልጅ ይህን ካላወቀ አማርኛውን በትልቁ ጽፎ ሌላውን ያጨናንቀዋል።

ከሁሉ የሚብሰው ግን አንባቢው መጀመሪያ የራሱን ቋንቋ መፈለግ ያለበት መሆኑ ነው። የታችኛው ቋንቋ ጉልበት ጋር ይደርሳል። ለመሆኑ ማን ይቅደም? እዚህ ፋብሪካ «የትኛው ቋንቋ ከላይ ይሁን» የሚለው ክርክር ጽሑፉን ከመጻፍ የበለጠ ሰዓት ፈጅቷል።

ለየቋንቋው የተለየ ወረቀት

ፊደሉ ትልቅ ይሆናል፤ አንባቢው የሚረብሸው ሌላ ጽሑፍ የለም። ግድግዳው ላይ ግን አራት ወረቀት ሲደረደር የፈተና ውጤት የተለጠፈበት ሰሌዳ ይመስላል፤ ሰው አልፎት ይሄዳል።

ዋናው ችግሩ ሌላ ነው፦ ወረቀቶቹ አብረው አያረጁም። እዚሁ ፋብሪካ የመሰብሰቢያው ቦታ ከመኪና ማቆሚያው ወደ ውሃ ታንከሩ ተዛውሮ ነበር። ከቀድሞ ጊዜ የነበሩ የአማርኛና የእንግሊዝኛ ወረቀቶች ነበሩ። የአማርኛው ተቀየረ። የእንግሊዝኛው አልተቀየረም። እሳት ቢነሳ ሰዉ ሁለት ቦታ ይሰበሰብ ነበር ማለት ነው። ቆጠራው ይጎድላል፤ ከዚያ አንድ ሰው «ውስጥ ቀርተዋል» ብሎ ማንም ወደሌለበት ጭስ ይገባል።

ስለዚህ ይህን ዓይነት ለግድግዳ አልመርጠውም። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር በእጁ ለሚሰጠው ወረቀት ግን ከሁሉም ይሻላል። እዚያ ጊዜ አለ፤ ማብራሪያም ይገባል።

ምልክት ብቻ

በአረንጓዴና በነጭ ቀለም ሰው በበር ሲሮጥ የሚያሳየውን ምልክት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከጃፓን የመጣ ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1972 ኦሳካ፣ በ1973 ኩማሞቶ በትልልቅ የገበያ ሕንፃዎች ላይ እሳት ተነስቶ በእያንዳንዱ ከመቶ በላይ ሰው አለቀ። የነበረው የመውጫ ምልክት በጽሑፍ ነበር። ከዚያ በኋላ ጃፓኖች ለጽሑፉ ምትክ ፈለጉ፤ ዩኪዮ ኦታ የተባለው ዲዛይነር የሠራው ሯጭ ሰው ተመረጠ። በ1980ዎቹ ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ተቀበለው።

ዛሬ ይህና ሌሎቹ የደህንነት ምልክቶች በዚሁ ድርጅት አይኤስኦ 7010 በሚባለው ደረጃ ውስጥ ቁጥር አላቸው። ማተሚያ ቤት ስትልኩ በቁጥሩ እዘዙ፤ «የሚሮጥ ሰው» ብላችሁ ከላካችሁ ልጁ ኢንተርኔት ላይ ያገኘውን ነው የሚለጥፍላችሁ። ወደ ግራ የሚሮጠው E001፣ ወደ ቀኝ የሚሮጠው E002 ነው። የእሳት ማጥፊያው F001፣ የደወሉ መጫኛ F005፣ የመሰብሰቢያው ቦታ E007፣ «በእሳት ጊዜ ሊፍት አትጠቀሙ» P020። ቀለሙም ትርጉም አለው። አረንጓዴ ወደ ደህና ቦታ ይመራል። ቀይ አራት ማዕዘን የእሳት መከላከያ ዕቃ ያለበትን ያሳያል። ቀይ ክብ ከነሰረዙ ክልክል ነው።

ግራና ቀኙን እንደ ቀላል አትዩት። እዚህ ፋብሪካ ማተሚያ ቤቱ አንዱን ፋይል ለሁሉም በር ደግሞት ነበር። በግራ በኩል ያለው በር ላይ ሰውዬው ወደ ግድግዳው ነው የሚሮጠው።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ በቀይ የተጻፈ «ኤግዚት» ለምዳችኋል። እዚህ ከውጭ በመጡ መብራቶች ላይም ይታያል። ቀዩን ከአረንጓዴው ጋር አንድ ሕንፃ ውስጥ አትቀላቅሉ፤ ማንበብ ለማይችል ሰው ቀይ «አትግባ» ነው የሚመስለው። አንድ ነገር ልጨምር፦ የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን ላይ ቀይ መስቀል አትሳሉ። በጄኔቫ ስምምነቶች የተጠበቀ ዓርማ ነው። ትክክለኛው ነጭ መስቀል በአረንጓዴ ላይ ነው።

ታዲያ ምልክት ብቻውን አይበቃም? ለመንገዱ ይበቃል። በር፣ ደረጃ፣ ማጥፊያ፣ ደወል፦ ይህን ምልክት ይናገራል። የመሰብሰቢያውን ምልክት ግን ለአምስት ኦፕሬተሮች አሳየኋቸው። አራት ቀስቶች ከአራት አቅጣጫ ወደ መሃል የሚያመለክቱበት፣ መሃሉ ላይ ሰዎች የቆሙበት ነው። አንዷ «ተከበዋል» አለች። ሌላው «እዚህ ከቆምክ ትመታለህ ማለት ነው» አለኝ። ልክ ነው፤ ላልተማረው ሰው እንደዚያ ነው የሚመስለው። ምልክቱ የሚሠራው ከተማሩት በኋላ ነው።

ጭራሽ ምልክት የሌለው ነገርም አለ። ኅዳር 2012፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ዳካ አቅራቢያ አሹሊያ ውስጥ ታዝሪን የተባለው የልብስ ፋብሪካ ተቃጥሎ ከ110 በላይ ሠራተኛ ሞተ። ደወሉ ጮኾ ነበር። የተረፉት እንደተናገሩት ግን አለቆቹ «ምንም የለም፣ ወደ ሥራችሁ» አሏቸው። ለዚህ ምን ምልክት ትስላላችሁ? «ፈቃድ አትጠብቁ» የሚለው ነገር በቃል ነው የሚነገረው። በገባቸው ቋንቋ።

በእርምጃ የተደረደረ ሠንጠረዥ

የመረጥነው ይህን ነው። ወረቀቱ በቋንቋ አይከፈልም፤ በእርምጃ ይከፈላል። እያንዳንዱ መስመር አንድ ድርጊት ነው። በግራ ትልቅ ምልክት፣ ከጎኑ ያው ድርጊት በአራቱም ቋንቋ፣ በአጭር ዓረፍተ ነገር። ዓይን መጀመሪያ ምልክቱ ላይ ያርፋል፤ ከዚያ የራሱን ፊደል እዚያው ያገኛል። የማን ቋንቋ ይቅደም የሚለውም ክርክር ረገበ፤ ከሁሉም የሚቀድመው ሥዕሉ ነው።

ድክመቱ መስመሩ ከበዛ መፍረሱ ነው። ከስድስት እርምጃ በላይ አትሂዱ። ቋንቋውም ከአራት ካለፈ ግድግዳው ላይ ብዙ ሰው የሚጋራቸውን ሁለት ሦስት ብቻ አስቀሩ። ለቀሪው በእጅ የሚሰጠውን ወረቀትና የቃል ሥልጠናውን ተጠቀሙ።

የአማርኛው ዓምድ በመጨረሻ ይህን መሰለ፦

እሳት ካያችሁ ደወሉን ተጫኑ።
ሥራ አቁሙ። ወዲያው ውጡ።
ፈቃድ አትጠብቁ።
በደረጃ ውረዱ።
ታንከሩ ጋ ቁሙ። ስማችሁ ይጠራል።
ግቡ እስክትባሉ አትመለሱ።

አጭር ነው። ግን እዚህ ለመድረስ ግማሽ ቀን ፈጅቷል። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ቃሉ ላይ የተከራከርነው

የሰው ኃይል ኃላፊው «ውጡ» አልወደዱትም። «ይውጡ ይባል፤ ሰው ይከበር» አሉ። ሐሳባቸው ጥሩ ነው። ግን «ይውጡ» ሁለት ትርጉም አለው፦ እርስዎ ይውጡ፣ ወይም እነሱ ይውጡ። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ ሰው ይህ ያደናግራል። ከስፌት ላይኑ የተጠራ አንድ ልጅ ረቂቁን አንብቦ «እነማን ናቸው የሚወጡት?» ሲል ክርክሩ አለቀ። «አይጠቀሙ»ም ያው ነው። «ውጡ» እና «አትጠቀሙ» ግን አንባቢዎቹን ራሳቸውን ይጠራሉ። ለብዙ ሰው ስለሚነገሩም ውጣ ወይስ ውጪ የሚለውን ጣጣ ያስቀሩልናል። እናንተ የተባለ ሰው አልተሰደበም።

ሁለተኛው ነገር ክልከላ ነው። በአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ይመጣል። «ሊፍት አትጠቀሙ» ስትሉ ዓይን መጀመሪያ የሚያየው ሊፍት የሚለውን ነው። የቸኮለ ሰው እዚያ ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ በሚቻልበት ሁሉ የሚደረገውን ጻፉ፦ «በደረጃ ውረዱ»። ክልከላውን ለሥዕሉ ተዉለት፤ ፋብሪካው የዕቃ ሊፍት ስላለው P020ን በዚሁ መስመር ግራ ላይ አደረግነው። ክልከላ የቀረው ሁለት ቦታ ነው፤ «ፈቃድ አትጠብቁ» እና «አትመለሱ»። እነዚህን ገልብጬ ልጽፋቸው ሞክሬ አልሆነልኝም።

ሦስተኛው «መሰብሰቢያ» የሚለው ቃል ነው። ኦሮምኛውን የተረጎመው ልጅ «በካ ወልገኢ» ብሎ ጻፈ። ስሕተት አይደለም። ነገር ግን ወልገኢ ስብሰባ ማለትም ነው። ትርጉሙን ላላየ ሌላ ኦሮምኛ ተናጋሪ አንብበንለት በአማርኛ መልሰህ ንገረን ስንለው፣ «እሳት ሲነሳ ስብሰባ ቦታ ሂዱ ይላል፤ አዳራሹ ነው አይደል?» አለ። የስብሰባ አዳራሹ ደግሞ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ነው! ከዚያ አማርኛውን ራሱን ቀየርነው። የቦታውን ስም ትተን የሚታየውን ነገር ጠራን። ታንከር በአማርኛም ታንከር ነው፤ ኦሮምኛና ወላይትኛ ተናጋሪዎቹም ግቢው ውስጥ ታንከር ነው የሚሉት። ቻይናውያኑም ያውቁታል፤ ለእነሱ የታንከሩን ፎቶ በመስመሩ ግራ ከE007 ጎን አስገባን።

ይህ ዘዴ ሌላም ቦታ ይረዳችኋል። መጀመሪያ አማርኛ ጽፋችሁ ሌላውን አታስተርጉሙ። አዳራሹ ውስጥ ሰዎች ቋንቋ ሳይለዩ የሚጋሩትን ቃል ለቅማችሁ ከዚያ ጀምሩ፤ ላይን፣ ታንከር፣ ሊፍት፣ የበሩ ቁጥር። ቁጥርም በተለመደው አኃዝ ይሁን። በግዕዝ ቁጥር የተጻፈ ስልክ ያምራል እንጂ አይደወልበትም።

ስልክ ካልኩ፦ አዲስ አበባ ከሆናችሁ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939 ነው። ከከተማው ውጭ ከሆናችሁ የአካባቢያችሁን ጠይቃችሁ፣ ደውላችሁ አረጋግጡ። ቁጥሩን ግን ከስድስቱ መስመር ውስጥ አላስገባነውም። ሁለት መቶ ሰው ስልክ ፍለጋ እንዲቆም አንፈልግም። የሚደውለው የበሩ ጥበቃ ነው፤ ቁጥሩ እሱ ጋ ተለጥፏል።

ገባቸው ወይ?

«ገባችሁ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ሁሉም «አዎ» ይላችኋል። አለቃ ፊት ቆሞ አልገባኝም የሚል ሰው አላየሁም። ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ረቂቁን ያላየ ሰው ለብቻው ጥሩ። ወረቀቱን አሳዩትና «አሁን ደወል ጮኸ፤ አሳየኝ» በሉት። እግሩን ተከተሉ።

አሜሪካኖቹ ለደህንነት ምልክት የሚጠቀሙበት መለኪያ አለ። ከተጠየቁት 85 ከመቶው በትክክል እንዲረዱት፣ ተቃራኒውን የሚረዱት ደግሞ ከ5 ከመቶ እንዳይበልጡ ይላል። አምስት ስድስት ሰው ጠርታችሁ መቶኛ ማውጣት አትችሉም። የመለኪያው ሁለተኛ ክፍል ግን ይጠቅማችኋል፦ ያልገባው ሰውና በተቃራኒው የገባው ሰው አንድ አይደሉም። ያልገባው ሌላውን ተከትሎ ይወጣል። በተቃራኒው የገባው ወደ አዳራሹ ይሄዳል፤ ሌላውንም አስከትሎ። እኔ ከስድስት ሰው አንድ እንኳ ተቃራኒውን ካደረገ ያንን መስመር እንደ አዲስ እጽፈዋለሁ። ማንበብ የማይችል ሰውም ከስድስቱ መካከል ይኑር።

መጠንና ቦታ

ለምልክቱ ቀላል ሒሳብ አለ። በተራ ብርሃን የሚታይ ከሆነ ርቀቱን ለመቶ አካፍሉ። ከ20 ሜትር እንዲታይ ከፈለጋችሁ ምልክቱ 20 ሳንቲ ሜትር ቁመት ይኑረው። ከውስጡ መብራት ያለው ከሆነ ግማሹ ይበቃል። የእኛ አዳራሽ ርዝመቱ ወደ 40 ሜትር ነው፤ በር ያለው በሁለቱም ጫፍ ነው። ስለዚህ ከመሃል እስከ በር 20 ሜትር። የበሮቹ ምልክት ከነበረው 12 ሳንቲ ሜትር ወደ 20 ከፍ አለ። እሳት ሲነሳ መብራት እንደሚጠፋም አስቡ። በጨለማ የሚያበራው ዓይነት ጥሩ ነው፤ ግን አስቀድሞ ብርሃን ካልጠገበ አያበራም። ጨለማ ኮሪደር ላይ የሰቀሉት ገንዘብ ጥፋት ነው።

ሠንጠረዡ ግን ከሩቅ አይነበብም፤ እንዲነበብም አልተሠራም። ሰው ከእሳቱ በፊት ቆሞ የሚያነበው ነው። ስለዚህ ሰው የሚቆምበት ቦታ ለጠፍነው፦ የመግቢያ ሰዓት የሚፈርሙበት ጋ፣ የመጠጥ ውሃው ጋ፣ የሴቶቹ መጸዳጃ ቤት ወረፋ ጋ። መሃሉ ዓይን ትይዩ እንዲሆን። በሩ ራሱ ላይ አይለጠፍ፤ በሩ ላይ ያለው ሯጩ ሰውዬ ብቻ ይሁን። በእሳት ጊዜ በር ላይ ቆሞ የሚያነብ ሰው አያስፈልገንም።

በእያንዳንዱ ወረቀት ታች ጥግ ላይ ቀንና የቅጂ ቁጥር ጻፍን። ሴፍቲ ኦፊሰሯ የት የት እንደተለጠፈ ዝርዝር ያዘች። ቦታ ሲቀየር ዝርዝሩን ይዛ ትዞራለች።

ከሁለት ወር በኋላ ስመለስ አዲሱ ሁሉም ቦታ ላይ ነበር። ምሳ ልበላ ካፍቴሪያ ስገባ ግን «በጥብቅ እናሳስባለን» የሚለው አሮጌው ወረቀት ከምግብ ዝርዝሩ ጎን ተሰቅሏል። ዝርዝሯ ውስጥ አልነበረም። ምግብ የምታቀርበዋን ልጅ ለምን አላነሳሽውም ብዬ ጠየቅኳት።

«እኔ የምግብ ማስታወቂያ ብቻ ነው የማነሳው» አለችኝ። ወንበር ላይ ወጥቼ ነቀልኩት።